ለአራት ሰው የሚሠራ ቀይ ወጥ ለ15 እንግዳ ሲሆን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስሌቱ ሁሉ ደሴ ቤታችን ለአራት ሰው በምንሠራው ቀይ የበሬ ሥጋ ወጥ ላይ የቆመ ነው።

በስንት ነው የማባዛው?

15ን ለ4 አካፍሉት፤ 3.75 ይመጣል። ይህ ግን ገበታው ላይ የሚቀርበው ወጥ አንድ ብቻ ከሆነ ነው። ከጎኑ አልጫ፣ ጥብስና ጎመን ካለ ማንም ሰው ከቀይ ወጡ ሙሉ ድርሻውን አይበላም። እንደዚያ ባለ ቀን እኔ 15ቱን እንግዳ እንደ ስምንት ቆጥሬ እጥፍ ብቻ ነው የምሠራው። እስካሁን አላሳፈረኝም።

የአራት ሰው ልኬታችን ይህ ነው። ሥጋ 600 ግራም፣ ቀይ ሽንኩርት 600 ግራም፣ በርበሬ 60 ግራም፣ ዘይት ግማሽ ብርጭቆ ገደማ (100 ሚሊ ሊትር)፣ ንጥር ቅቤ 40 ግራም፣ ነጭ ሽንኩርት 20 ግራም፣ ዝንጅብል 10 ግራም፣ ጨው 12 ግራም፣ መከለሻ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ውሃ 600 ሚሊ ሊትር። የእናንተ ሊለይ ይችላል፤ ችግር የለውም። አካሄዱ አንድ ነው።

በማንኪያና በሲኒ ነው የምሠራው። ሚዛን የግድ ነው?

የግድ አይደለም። ግን የማንኪያ ጉድለት አብሮ ይባዛል። አንዷ ማንኪያ ጢም ያለች፣ ሌላዋ ልሙጥ ብትሆን በስድስት ማንኪያ በርበሬ አይታወቅም። በ22 ማንኪያ ግን ይታወቃል። ደግሞ አሥራ ሦስተኛው ላይ ስትደርሱ አንድ ሰው በር ያንኳኳና ቁጥሩ ይጠፋል።

ሚዛን ከሌለ መለኪያውን አሳድጉ። የራሳችሁን የቡና ሲኒ አንሡና ስንት ማንኪያ በርበሬ እንደምትይዝ አንድ ጊዜ ቁጠሩ። ከዚያ በኋላ በሲኒ ብቻ ስፈሩ። የሰው ሲኒ ግን አይሆንም፤ ሲኒ ሁሉ እኩል አይደለም።

ታዲያ ሁሉንም በ3.75 ካባዛሁ አለቀ ማለት ነው?

አላለቀም። እኔ መጀመሪያ የወደቅሁት እዚህ ላይ ነው። ዘመድ ቤት ሽማግሌ ሊመጣ ነው ተባለና ወጡ ለእኔ ተሰጠ። እንዳይጎድል ብዬ ሁሉንም በአራት አባዛሁ፣ ውሃውንም ጭምር። ሰዓቱ ሲደርስ ሥጋው በስሏል፣ ወጡ ግን ሾርባ ነው። እስኪወፍር ብዬ ሌላ አንድ ሰዓት አንተከተክሁት። መረቁ ወፈረ፣ ጨውም ሆነ፤ ሥጋው ደግሞ ክር ክር ሆኖ ተበተነ። ጎረቤታችን እትዬ መጥተው በጭልፋ ቀድተው አዩና «ውሃውንም አብረሽ አበዛሽው እንዴ ልጄ?» አሉኝ።

ነገሩ ሁሉ እሳቸው ባሉት ውስጥ ነው። አንዳንዱ ነገር የሚከተለው የወጡን ብዛት ነው፤ ሥጋ፣ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ጨው፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል እንደዚያ ናቸው። አንዳንዱ ደግሞ ድስቱንና እሳቱን ነው የሚከተል። ውሃ፣ ዘይትና ሰዓት ከዚህኛው ወገን ናቸው። ስለዚህ ሥጋው 2 ኪሎ ከ250፣ ሽንኩርቱም 2 ኪሎ ከ250፣ በርበሬው 225 ግራም፣ ቅቤው 150 ግራም ይሆናል። ዘይቱ ግን የድስቱን ቂጥ ማልበስ ነው ሥራው፤ ከ300 ሚሊ ሊትር በላይ ካደረጋችሁት እላዩ ላይ ይንሳፈፋል። መከለሻውም ሦስት የሻይ ማንኪያ በቂው ነው። በትልቅና በተከደነ ድስት ውስጥ ሽታው ቶሎ አያመልጥም።

ውሃው ስንት ይሁን?

ውሃ የሚተነው ከላይ ከተገለጠው ገጽ ነው። የትንሿ ድስታችን አፍ 22 ሴንቲ ሜትር ነው፣ የትልቁ 34። ወርዱ ብዙ የጨመረ አይመስልም። የገጹ ስፋት ግን ሁለት እጥፍ ከግማሽ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው፣ 2.4 ገደማ። ወጡ በ3.75 ሲያድግ ትነቱ በ2.4 ብቻ ነው ያደገው ማለት ነው።

በቁጥር እንየው። ትንሿ ድስት ሥጋው እስኪበስል የጨመርንባትን 600 ሚሊ ሊትር ታተናለች። ትልቁ በዚያው ሰዓት አንድ ሊትር ተኩል ግድም ያተናል። በ3.75 ካባዛን ግን ውሃው 2 ሊትር ከሩብ ነው። ልዩነቱ ሰባት ስምንት መቶ ሚሊ ሊትር ነው፤ የእኔን ወጥ ሾርባ ያደረገው እሱ ነው።

ስለዚህ በአንድ ሊትር ተኩል ጀምሩ። ሌላ ፍል ውሃ በጀበና ወይም በማንቆርቆሪያ አጠገባችሁ ይቀመጥ። ከጎደለ ጨምሩ፤ ከተረፈ ሻይ ይፈላበታል። ቀዝቃዛ ውሃ ግን አትጨምሩ፣ የፈላውን ድስት መልሶ ያበርደዋል። ድስቱ ጠባብና ረጅም ከሆነ ትነቱ ከዚህም ያንሳል፤ በአንድ ሊትር ጀምሩ።

ሽንኩርቱ አልበስል አለኝ። ለምን?

ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ነው። ሽንኩርት አብዛኛው ውሃ ነው። ከ2 ኪሎ ከ250 ሽንኩርት ውስጥ ሁለት ሊትር ያህል ውሃ አለ። እሳቱ ያው የለመደው እሳት ነው። ትንሽ ድስት ውስጥ ውሃው እየወጣ ወዲያው ይተናል፣ ሽንኩርቱም ይቁላላል። ትልቁ ውስጥ ግን ከታች ያለው ሽንኩርት ከላይ ባለው ተጭኖ በራሱ ውሃ ይቀቀላል። በ25 ደቂቃ የለመዳችሁት ሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ያኔ «ይበቃዋል» ብሎ በርበሬውን መድፋት ይመጣል።

ጥሬነቱ ኋላ ነው የሚያጋልጥ። ወጡ ጣፈጥ ጣፈጥ ይላል፣ ውሃው ከሽንኩርቱ ይለያል፣ እንጀራው ላይ ሲፈስ ጠርዙ ላይ ቀይ ውሃ ይሰራል። ያን ጊዜ በርበሬም ጨውም አያድነውም።

መፍትሔው መክፈል ነው። ሽንኩርቱን በሁለት ወይም በሦስት ድስት አድርጉና ያለ ዘይት አቁላሉ፤ ሲሟሽሽና ሲጎድል ወደ ትልቁ ድስት ገልብጡ። ሁለት ምድጃ ካላችሁ፣ አንዱ የኤሌክትሪክ ሌላው ከሰል ቢሆንም፣ ሁለቱንም ሥራ አስይዟቸው። መብሰሉን በሰዓት አትለኩት። በማማሰያው የድስቱን ቂጥ ስንጥቅ አድርጉት። መንገዱ ወዲያው በውሃ ከተሞላ ገና ነው። መንገዱ ለአፍታ ደረቅ ብሎ ከታየና ዓይን የሚያቃጥለው ሽታ ከጠፋ ደርሷል። ዘይቱ የሚገባው ያኔ ነው።

በርበሬውን በአንዴ ልጨምረው?

አይሆንም። 225 ግራም በርበሬ በአንዴ ሲወርድ ግማሹ ታች ይቀመጥና ያርራል፣ ግማሹ ሳይነካ ይቀራል። ያረረ በርበሬ ደግሞ መራራ ነው፤ በምንም አይመለስም። በሦስት ጊዜ ጨምሩት። አንዱ ከዘይቱ ጋር ተዋሕዶ ቀለሙ ደመቅ ሲል ሁለተኛውን። ድስቱ መያዝ ሲጀምር ግማሽ ሲኒ ፍል ውሃ ጠብ አድርጉለት። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ከመጨረሻው በርበሬ ጋር ይገባሉ። ቁሌቱ ለ15 ሰው ሲሆን ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይፈልጋል።

በርበሬው የራሳችሁ ከሆነና ጉልበቱን ካወቃችሁት 225ቱን ጨምሩ። ከሰው የመጣ ወይም አዲስ ከሆነ 180 ይበቃል። የቀረችውን 45 ግራም በትንሽ መጥበሻ በዘይት አቁላልታችሁ ለብቻ አስቀምጡ። መጨረሻ ላይ ቀምሳችሁ ታክላላችሁ። ጥሬ በርበሬ የበሰለ ወጥ ላይ መነስነስ ግን አይሆንም። ጉሮሮ ይይዛል፣ ሽማግሌዎቹንም ያስላል።

ጨውስ?

ጨው ወጡን ተከትሎ ነው የሚያድገው። 12 ግራም በ3.75 ሲባዛ 45 ግራም ነው፤ በልሙጥ የሻይ ማንኪያ ሰባት ተኩል ገደማ። ቁጥሩ ልክ ነው። የሚያሳስተው ጊዜው ነው። ወጡ ገና ቀጭን ሳለ ቀምሳችሁ ካስተካከላችሁት ውሃው ሲተን ጨዉ ይቀራል፤ አፍ የማያስነካ ይሆናል።

ሥጋው ሲገባ 30 ግራሙን፣ ማለትም አምስት የሻይ ማንኪያ ጨምሩ፤ ሥጋውም ጨው ያግኝ። የቀረው ወጡ ወፍሮ ቅቤውና መከለሻው ከገቡ በኋላ እየተቀመሰ ነው። ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ቤት የሚዘጋጅ በርበሬ ብዙ ጊዜ ሲፈጭ ጨው አለበት። በ60 ግራም ላይ አታስተውሉትም ይሆናል፣ በ225 ግን ይናገራል። በርበሬውን በጣታችሁ ነክታችሁ ምላስ ላይ አድርጉት። ጨው ጨው ካለ ከመጨረሻው ጨው ላይ ቀንሱ።

ሥጋው ብዙ ስለሆነ ረዘም ላለ ጊዜ ይበስላል?

አይረዝምም። የሥጋ መብሰያ ጊዜ የቁራጩ ነገር ነው እንጂ የኪሎው አይደለም። ቁራጮቹ እንደ ወትሮው ከተከተፉ በትንሿ ድስት በአንድ ሰዓት የሚበስለው በትልቁም በአንድ ሰዓት ይበስላል። የሚረዝመው እስኪፈላ ያለው ጊዜ ነው። ከሁለት ኪሎ በላይ ቀዝቃዛ ሥጋ በአንዴ ሲገባ ድስቱ ጸጥ ይላል፣ መልሶ እስኪንተከተክም 20 ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። ሰዓት መቁጠር የምትጀምሩት ከዚያ ወዲህ ነው። ሥጋው ከፍሪጅ ቀደም ብሎ ግማሽ ሰዓት ይውጣ፣ ሦስት ቦታም ከፍላችሁ ጨምሩት።

ከታች ለመጣችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ከ1,800 ትንሽ ከፍ ትላለች። ከፍታ ሲጨምር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል። ኮምቦልቻ በ94 ዲግሪ ገደማ የሚፈላ ውሃ ደሴ በ92 ግድም ይፈላል። እሳቱን ብታንቦገቡጉትም ከዚያ አያልፍም፤ ቶሎ ይተናል እንጂ። ኮምቦልቻ በለመዳችሁት ሰዓት ደሴ ላይ እንግዳ ከጠራችሁ ሩብ ሰዓት ያህል መጠባበቂያ ያዙ። ሁለቱ ከተሞች የአንድ ታክሲ መንገድ ናቸው፤ ሥጋው ጥርስ ላይ ሲደርስ ግን ይለያያሉ።

በአጠቃላይ ልጣጭና ከተፋው ሳይቆጠር አራት ሰዓት ያዙ። እንግዳው ለምሳ ሰባት ሰዓት ከሆነ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሽንኩርቱ እሳት ላይ መሆን አለበት። ስድስት ተኩል ላይ ወርዶ ግማሽ ሰዓት ይረፍ።

ምን ዓይነት ድስት?

ይህ ወጥ ሥጋው ሲገባ ሰባት ሊትር ይጠጋል። አሥር ሊትር የሚይዝ፣ ሰፊና ቂጡ ወፍራም ድስት ያስፈልጋል። ቀጭን የአሉሚኒየም ድስት ለዚህ ሥራ አልወደውም፤ መሐሉ ላይ ይይዛል። ከያዘባችሁ አትፋቁ። ወጡን ቀስ ብላችሁ ወደ ሌላ ድስት ገልብጡና የያዘውን እዚያው ተዉት።

ዶሮ ቢሆንስ?

በዶሮ ማባዛት ብዙም አይሠራም፣ ቁራጭ መቁጠር ነው። አንድ ዶሮ 12 ብልት ይወጣዋል፤ ስለዚህ ለ15 ሰው ሁለት ዶሮ። 1.25 ዶሮ የሚባል ነገር የለም። ዕንቁላሉም በሰው አንድ ነው፣ ሁለት ሦስት መጠባበቂያ ጨምሩ። የሐበሻና የፈረንጅ ዶሮ ግን አንድ ድስት ውስጥ አትቀላቅሉ። የሐበሻው እስኪበስል የፈረንጁ ከአጥንቱ ይለያል።

ከማታው ሠርቼ ላሳድረው?

ቁሌቱን ብቻ ሥሩትና አሳድሩ። እንዲያውም ያደረ ቁሌት ይበልጥ ይዋሃዳል፣ ጠዋትም ከሁለት ሰዓት በላይ ያተርፋል። ሥጋው በበነጋው ይግባ።

ሙሉውን ወጥ ማሳደር ግድ ከሆነ ትልቁን ድስት እንዳለ ክዳኑን ገጥማችሁ አትተዉት። ትልቅ ድስት መሐሉ ለብ እንዳለ ለብዙ ሰዓት ይቆያል፤ ወጥ የሚበላሸው እዚያ ሙቀት ላይ ነው። የደሴ ብርድም አያድነውም። በሰፋፊ ትሪና በትናንሽ ዕቃ አከፋፍሉት፣ ሙቀቱ ሲወጣለት በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ። ጠዋት ሲሞቅም ዳሩ ሳይሆን መሐሉ እስኪንተከተክ ድረስ ነው።

ጨው ከበዛብኝ ወይም ወጡ ከቀጠነ?

ድንች መጨመር የሚባለው አይሠራም። ድንቹ የሚመጠው መረቁን ነው፣ ጨዉን ለይቶ አይመርጥም። የቀረው ወጥ ያው ጨዋማ ነው፣ አሁን ደግሞ ድንች አለበት።

የሚሠራው ጨው የሌለው ቁሌት መጨመር ነው። ለዚህ ነው እኔ ሥጋው ከመግባቱ በፊት ሁልጊዜ አንድ ጭልፋ ቁሌት በሰሐን የማስቀረው። ጨው ሲበዛ እሱ ይገባል፣ ሲቀጥንም እሱ ይገባል። ለቀጠነ ወጥ ሌላም መንገድ አለ። ሥጋው በስሎ ከሆነ በጭልፋ አውጡት፣ መረቁን ለብቻው ክዳን ሳይኖር አንተክትኩት፣ ሲወፍር ሥጋውን መልሱ። ያን ቀን ይህን ባውቅ ኖሮ ሥጋው ክር አይሆንም ነበር።

ከ15ቱ እንግዶች ዘጠኙ ክርስቲያን፣ ስድስቱ ሙስሊም ናቸው። ሁለት ድስት እንዴት አድርጌ ላስላ?

ወሎ ይህን ጥያቄ የማያውቅ ቤት ያለ አይመስለኝም። ሥጋው ይለያል፤ እያንዳንዱ በየራሱ ሰው የታረደ መሆን አለበት። ብዙ ቤት ሁለት ጊዜ ከሥሩ ይጀምርና ሁለት የተለያየ ወጥ ይወጣል፤ አንዱ የቀላ፣ አንዱ የገረጣ። አያስፈልግም። ቁሌቱ ውስጥ ሥጋ የለም። ንጹሕ ድስት ውስጥ የአሥራ አምስቱንም ሰው ቁሌት ያለ ጨው በአንድ ላይ ሥሩት፤ ከዚያ ክፈሉት።

ዘጠኝና ስድስት ማለት ሦስት ለሁለት ነው። በአንድ ጭልፋ ሦስት ወደዚህ፣ ሁለት ወደዚያ፣ እስኪያልቅ። ማንም ሚዛን አይፈልግም። ሥጋው 1 ኪሎ ከ350 እና 900 ግራም ይሆናል፣ ጨው 27 ግራምና 18 ግራም፣ ቅቤውም 90 እና 60። ማማሰያውና ጭልፋው ከዚህ በኋላ ለየብቻ ይሁን፤ አንዱ እጀታ ላይ ክር እሰሩበት። እኛ ቤት የታሰረው ክር ቀይ ነው፣ ሳይፈታ ዓመት አልፎታል።

ውሃውን ግን ሦስት ለሁለት አትክፈሉት። ሁለት ድስት ማለት ሁለት ገጽ ነው፣ ትነቱ ተደምሮ ከአንዱ ትልቅ ድስት ይበልጣል። ትንሿ ድስታችን በሰዓት 600 ሚሊ ሊትር ታተናለች ብለን ነበር። የስድስቱ ሰው ወጥ አፉ 24 በሆነ ድስት ከተጣደ 700 ሚሊ ሊትር፣ የዘጠኙ 28 በሆነው ከተጣደ አንድ ሊትር ገደማ ይበቃዋል። የስድስቱ ድስት ትንሽ ስለሆነ ቀድሞ ይፈላል፤ ከትልቁ አሥር ደቂቃ ዘግይታችሁ ጣዱት፣ አብረው ይወርዳሉ።

ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ሆኖ የሚጾም ካለም ያው ነው። ቅቤው ከመግባቱ በፊት ለእሱ ድርሻ ቁሌት ቀድታችሁ በትንሽ ድስት ምስር ጨምሩበት። ሦስተኛው ማማሰያ ላይ የምታስሩትን ክር ግን ከአሁኑ ፈልጉ።